ለወላጆቼ 40ኛ ዓመት የሠራሁት የፎቶ ቪዲዮ ከዘፈኑ 43 ሰከንድ ቀድሞ ያልቃል

የሐይቅ_ዳር_ልጅ | ማክሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ግራ ገብቶኝ ነው የመጣሁት።

እማዬና አባዬ የተጋቡት ጥር 1978 ነው። ዘንድሮ 40 ዓመት ሞላቸው። እሁድ እዚሁ ሀዋሳ አቶቴ አካባቢ አንዲት ትንሽ አዳራሽ ይዘን ቤተሰብ ብቻ ጠርተን ልናከብርላቸው ነው፣ 70 ሰው ቢሆን ነው። እነሱ የሚያውቁት ምሳ መኖሩን ብቻ ነው። ወንድሜ ኬክ ማዘዝ ደረሰው፣ እህቴ ምግቡን ያዘች፣ እኔ ደግሞ «አንቺ ስልክ ትችያለሽ» ተብዬ የፎቶ ቪዲዮው ተጣለብኝ።

137 ፎቶ ሰበሰብኩ። ከአልበም ላይ በስልክ ያነሳኋቸው አሉ፣ ዘመድ በቴሌግራም የላካቸው አሉ። ከነሱ 44 መረጥኩ። ዘፈኑ አባዬ ድሮ በካሴት ሲሰማው የኖረ ቀስ ያለ ትዝታ ነው። 4 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ነው፣ ማለትም 264 ሰከንድ። ለ44 ሳካፍለው ለእያንዳንዱ ፎቶ ልክ 6 ሰከንድ ደረሰው። ሒሳቡ እንዲህ ሲገጥምልኝ ራሴን ልሸልም ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከዚያ አንዱ ፎቶ ሌላው ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሟሟበትን ትራንዚሽን 1 ሰከንድ አድርጌ «ለሁሉም» አልኩት። ፎቶዎቹ 3 ደቂቃ ከ41 ላይ አለቁ። ዘፋኙ ለ43 ሰከንድ በጥቁር ስክሪን ላይ ብቻውን ያንጎራጉራል። ደግሞ ትራንዚሽኑን ሳላስገባ ፎቶው ከዘፈኑ ጋር አብሮ ይቀየር ነበር፣ አሁን የትም ነው የሚቀየረው። ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ሠራሁት፣ ያው ነው። የምሠራው በስልክ በካፕከት ነው። ምን አጠፋሁ?

ቢት_አዳኝ | ማክሰኞ ማታ 2፡52

ቀላል ነው ባክሽ። ዘፈኑን ንኪውና ቢት የሚለው ውስጥ ገብተሽ በራሱ እንዲያወጣልሽ አድርጊ። ነጠብጣብ ይሰጥሻል፣ ፎቶዎቹን እነሱ ላይ ልክ ልክ ታደርጊያለሽ፣ አለቀ። 6 ሰከንድ ደግሞ ያንቀላፋል። እኔ ከ2 ሰከንድ በላይ አስቀምጬ አላውቅም።

አዳማ_ፎቶ | ማክሰኞ ማታ 3፡05

እህት እንኳን አደረሳችሁ። ለ40 ዓመት እኔ የምመክርሽ በሸራ ማሳተም ነው፣ ለሳሎን 60 በ90 ጥሩ ነው። 44 ፎቶ አንድ ላይ ከተሰበሰበ ግን ፊቱ ያንሳል፣ 12 ይበቃል። ከአዳማ በመኪና እንልካለን።

የሐይቅ_ዳር_ልጅ | ማክሰኞ ማታ 3፡09

አዳማ_ፎቶ፣ አመሰግናለሁ፣ ግን ማተም አይደለም ወንድሜ፣ ቪዲዮ ነው 😅

ቢት_አዳኝ፣ ሞከርኩት። ነጠብጣቡ በጣም በዛ፣ የቱ ላይ ላድርገው?

ሰርገኛው_ካሜራ | ማክሰኞ ማታ 3፡30

43 ሰከንድ ስትዪ ነገሩ ገባኝ። 44 ፎቶ ብትደረድሪ በመሀላቸው ስንት ክፍተት አለ? 43። እያንዳንዱ ክፍተት ላይ 1 ሰከንድ ትራንዚሽን አስገብተሻል። የጠፋብሽ ሰዓት ሙሉው እዚያ ነው ያለው።

አንዱ ፎቶ ሌላው ውስጥ እንዲሟሟ ሁለቱ ለአንድ ሰከንድ አብረው መታየት አለባቸው። አፑ ይህን የሚያደርገው የሁለተኛውን ፎቶ መጀመሪያ ወደ ኋላ ጎትቶ የመጀመሪያው ጫፍ ላይ በመደረብ ነው። ስለዚህ 6 ሰከንድ የሰጠሽው ፎቶ ለቀጣዩ የሚለቀው በ5 ሰከንድ ነው። ከሁለተኛው ፎቶ ጀምሮ አንድ ሰከንድ ትቀድሚያለሽ፣ ከሦስተኛው ሁለት፣ እያለ እስከ 43 ይደርሳል። «የትም ይቀየራል» ያልሽውም ይኸው ነው። ዘፈኑ የትም አልሄደም፣ ፎቶው ነው እየሮጠ ያለው።

መፍትሔው እያንዳንዱን ፎቶ 7 ሰከንድ ማድረግ ነው። የሚደረበው አንድ ሰከንድ ሲነሳ 6 ይቀርልሻል። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ብቻ 6 ሰከንድ ተኩል አድርጊያቸው። ለምን መሰለሽ? ሲሟሟ ዓይን «ተቀየረ» የሚለው ሲጀምር አይደለም፣ መሀሉ ላይ ሁለቱ እኩል ሲታዩ ነው። የመጀመሪያው 6 ተኩል ከሆነ ያ መሀል ልክ 6ኛው፣ 12ኛው፣ 18ኛው ሰከንድ ላይ እያረፈ ይሄዳል። 7 ካደረግሽው ግን ሁሉም በግማሽ ሰከንድ ይዘገያል። ግማሽ ሰከንድ በጽሑፍ ትንሽ ነው፣ በዘፈን ግን ይሰማል።

ዴስክቶፕ_ሰው | ማክሰኞ ማታ 3፡48

ይሄ ትክክል አይመስለኝም። እኔ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ላይ በመቶ የሚቆጠር ፎቶ ላይ ክሮስ ዲዞልቭ አስገብቼ አውቃለሁ፣ ርዝመቱ አንድ ፍሬም እንኳ አልቀነሰም። ትራንዚሽን ቪዲዮ ያሳጥራል የሚባለው ወሬ ነው።

ሰርገኛው_ካሜራ | ማክሰኞ ማታ 3፡57

ያንተም ልክ ነው፣ የእሷም ልክ ነው። ሪዞልቭ ፎቶን እንደፈለገ የሚለጠጥ ነገር አድርጎ ነው የሚያየው። ድንበሩን ሳይነካ ከሁለቱም ወገን ትርፍ ይወስድና መሀሉን ድንበሩ ላይ ያስቀምጥልሃል። ሾትከት ላይ ግን አንዱን ክሊፕ በሌላው ላይ ስትጎትት ነው ትራንዚሽን የሚፈጠረው፣ የተደረበው ያህል ያጥራል። ካፕከት ላይ ደግሞ የሚደራረቡም የማይደራረቡም ትራንዚሽኖች አሉ፣ የሚሟሟው ከሚደራረቡት ነው። የአንተ ፕሮግራም የቱ እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ፎቶ አስቀምጥ፣ ጠቅላላውን ርዝመት ጻፈው፣ ትራንዚሽን አስገባ፣ እንደገና እየው። ቁጥሩ ከቀነሰ ትደምራለህ፣ ካልቀነሰ አትነካውም። በዚህ ክርክር የለም።

ተርሚናል_ብቻ | ማክሰኞ ማታ 4፡20

ማንም ስላልጠየቀኝ ልመልስ። ኮምፒውተር ያለው ሰው ይህን በአንድ መስመር ይሠራዋል፣ ያ ግማሽ ሰከንድ የት እንዳለም ግልጽ ብሎ ይታያል፦

```
ffmpeg -loop 1 -t 6.5 -i 1.jpg -loop 1 -t 7 -i 2.jpg -filter_complex "xfade=transition=fade:duration=1:offset=5.5" -pix_fmt yuv420p out.mp4
```

`offset` ማለት መሟሟቱ የሚጀምርበት ሰከንድ ነው። መሀሉ 6 ላይ እንዲያርፍ ከፈለግሽ 5.5 ትጽፊያለሽ። ብዙ ሰው 6 ይጽፍና «ለምን ይዘገያል» ይላል። ሁለቱ ፎቶዎች እኩል መጠን መሆን አለባቸው፣ አለዚያ ይሳደባል።

የሐይቅ_ዳር_ልጅ | ማክሰኞ ማታ 4፡26

ተርሚናል_ብቻ፣ ወንድሜ እኔ በስልክ ነኝ፣ ይሄን ሳየው ራሴን አመመኝ 😂

ሰርገኛው፣ ጌታ ይባርክህ። 7 አደረግኩት፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው 6 ተኩል፣ መጨረሻው ከዘፈኑ ጋር ገጠመ! አሁን ግን ሌላ ነገር አየሁ። ከመሀል በኋላ ፎቶው ከጭብጨባው ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል። እንደ ድሮው ብዙ አይደለም፣ ግን እየባሰ ይሄዳል። ሒሳቡ ትክክል ከሆነ ይሄ ከየት መጣ?

ኪቦርዱ_ላይ | ረቡዕ ጠዋት 1፡15

እዚህ ላይ እኔ ልግባ፣ ሠርግ ላይ እጫወታለሁ። የድሮ ካሴት ዘፈን ነው አልሽ አይደል? ያኔ ባንዱ አንድ ላይ ቆሞ ነው የሚቀዳው፣ በጆሮው ቀጥ ብሎ የሚቆጥርለት ማሽን የለም። ዘፋኙ ሲሞቀው ከበሮውም አብሮት ይሞቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የለካሽው ፍጥነት እስከ መጨረሻው አይቆይም።

እንዲህ አድርጊ። ዘፋኙ ከጀመረ በኋላ ለ15 ሰከንድ እያጨበጨብሽ ቁጠሪ። ከመሀል ሙዚቃው በኋላ እንደገና ቁጠሪ። ቁጥሩን እዚህ ጻፊው።

የሐይቅ_ዳር_ልጅ | ረቡዕ ጠዋት 2፡02

መጀመሪያ 20። በኋላ 21። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ፣ ጎረቤት «ምን ሆነሽ ነው በጠዋቱ የምታጨበጭቢው» አለችኝ።

ኪቦርዱ_ላይ | ረቡዕ ጠዋት 2፡20

በይ እዪው። 20 በ15 ሰከንድ ማለት በደቂቃ 80 ነው። አንድ ጭብጨባ ሦስት ሩብ ሰከንድ ይወስዳል፣ 8 ጭብጨባ ልክ 6 ሰከንድ። 6 ሰከንድ የመረጥሽው በማካፈል ቢሆንም በአጋጣሚ ከዘፈኑ ጋር የገጠመልሽ ለዚህ ነው፣ እድለኛ ነሽ። 21 ሲሆን ግን በደቂቃ 84 ነው፣ 8 ጭብጨባ 5 ነጥብ 7 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። በአንድ ፎቶ ምንም አይደለም። በ16 ፎቶ ግን ወደ አራት ሰከንድ ተኩል ነው፣ ግማሽ ስንኝ ሊጠጋ ምንም አልቀረው።

ያ በራሱ የሚያወጣው ነጠብጣብ ደግሞ በእኛ ዘፈን ላይ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ጭክጭካው በአንድ ዙር ስድስት ትንንሽ ምት አለው፣ እኛ የምናጨበጭበው ሁለቴ ነው። ማሽኑ አንዳንዴ ስድስቱንም ይቆጥራል፣ አንዳንዴ በሁለት በሁለት ይከፍለውና ሦስት ያደርገዋል። የበዛብሽ ለዚህ ነው።

ቢት_አዳኝ | ረቡዕ ጠዋት 2፡41

ለእኔ ግን ሁሌም ይሠራልኛል

ኪቦርዱ_ላይ | ረቡዕ ጠዋት 2፡44

አዲስ ዘፈን ላይ ትጠቀማለህ መሰለኝ፣ በኮምፒውተር የተሠራ። እነሱ ላይ አዎ ይሠራል።

ሰርገኛው_ካሜራ | ረቡዕ ቀን 6፡10

ኪቦርዱ ያለው ትክክል ነው፣ ግን ልጨምርበት። እህቴ ጭብጨባውን አታሳድጂ። ጭብጨባ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆረጥ ፎቶ ነው ጭብጨባውን መያዝ ያለበት። ያንቺ የሚሟሟ ነው፣ አንድ ሰከንድ ሙሉ ይፈጃል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከአንድ በላይ ጭብጨባ አልፏል። የሩብ ሰከንድ ስህተት ማንም አያይብሽም። ሰው የሚያየው ስንኙን ነው። ዘፋኙ አዲስ ስንኝ ሲያነሳ አዲስ ፊት ከመጣ ሁሉም ነገር የታሰበበት ይመስላል። ስንኙ መሀል ላይ ፎቶ ከተቀየረ ግን ሰው ምክንያቱን ባያውቀውም ይረበሻል።

ስለዚህ ዘፈኑን ክፈቺና እየሰማሽ እያንዳንዱ ስንኝ ሲጀምር ብቻ በእጅሽ ምልክት አድርጊ። ጣት ከጆሮ ይዘገያል፣ ስትጨርሺ ምልክቶቹን ትንሽ ወደ ኋላ፣ ወደ ዘፈኑ መጀመሪያ በኩል ሳቢያቸው። አንዱ ስንኝ 16 ጭብጨባ ከሆነ ሁለት ፎቶ ይይዛል፣ አንዱ ስንኙ ሲጀምር፣ አንዱ መሀሉ ላይ። ዘፈኑ ቢፈጥንም አይመለከትሽም፣ ምልክቱ አብሮ ይፈጥናል።

ዘፋኙ ስንት ላይ ነው የሚጀምረው? መሀል ሙዚቃው ከየት እስከ የት ነው?

የሐይቅ_ዳር_ልጅ | ረቡዕ ቀን 7፡35

ድምፁ የሚገባው 24ኛው ሰከንድ ላይ ነው። እስከ 2 ደቂቃ ይዘፍናል። ከ2፡00 እስከ 2፡36 ሙዚቃ ብቻ ነው፣ ሳክስፎን። ከዚያ እንደገና እስከ 4፡07 ይዘፍናል። የቀረው 17 ሰከንድ እየቀነሰ የሚያልቅ ሙዚቃ ነው።

ሰርገኛው_ካሜራ | ረቡዕ ማታ 1፡20

እኔ ብሆን እንዲህ እከፍለዋለሁ።

የመጀመሪያው 24 ሰከንድ ሰው ወንበሩን የሚያስተካክልበት፣ «እስቲ መብራት አጥፉ» የሚባልበት ነው። ጥሩ ፎቶ እዚያ አታባክኚ። 12 ሰከንድ ስማቸውንና «1978 – 2018» የሚል ጽሑፍ፣ ከዚያ የአባትሽ ብቻ የልጅነት ፎቶ፣ የእናትሽ ብቻ የልጅነት ፎቶ፣ 6፣ 6 ሰከንድ። ድምፁ ሲገባ የሠርጋቸው ፎቶ ይምጣ። ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ የሚታዩት እዚያ ይሁን።

ከዚያ እስከ 2 ደቂቃ 96 ሰከንድ አለሽ፣ 8 ስንኝ፣ 16 ፎቶ። ሠርጉ፣ የመጀመሪያ ቤታቸው፣ እናንተ ስትወለዱ።

ሳክስፎኑ ላይ የቡድን ፎቶዎቹን አድርጊ፣ 36 ሰከንድ ላይ አራት ብቻ፣ እያንዳንዱ 9 ሰከንድ። ቢት_አዳኝ 2 ሰከንድ በቂ ነው ብሏል፣ ለቲክቶክ ይበቃል። አዳራሽ ውስጥ ግን ሰው ዝም ብሎ አያይም። «ይቺ ማናት?» «እትዬ ናታ፣ ያኔ ቀጭን ነበረች!» ይባባላል። 12 ሰው ያለበትን ፎቶ በ3 ሰከንድ ካነሳሽው «መልሰው መልሰው» ይጮሁብሻል። ዘፋኙ ዝም ባለበት ቢያወሩ ደግሞ ግጥሙ አያመልጣቸውም።

ከ2፡36 እስከ 4፡07 ደግሞ 91 ሰከንድ ነው፣ ያው 8 ስንኝ፣ 16 ፎቶ፣ አሁን እያንዳንዱ 5 ነጥብ 7 ሰከንድ ገደማ ይሆናል፣ ግን አታስልይው፣ ምልክትሽን ተከተዪ። መጨረሻ ላይ የልጅ ልጆቹ 6 ሰከንድ፣ ከዚያ ሁለቱ የዛሬ ፎቷቸው 11 ሰከንድ። ድምፁንም ምስሉንም የመጨረሻዎቹ 4 ሰከንዶች ላይ አብረሽ አደብዝዢው።

ድምሩ 40 ፎቶ ነው። አራቱን ማውጣት አለብሽ። እሱ ላይ አልረዳሽም፣ ቤተሰብ ያጣላል።

የተመራቂ_እናት | ረቡዕ ማታ 2፡15

እኔም ለልጄ ምርቃት አሠርቼ ነበር፣ አምና። የእኛው ጭክጭካ ነበር፣ በየጭብጨባው ፎቶው ቷ ቷ እያለ ይቀየራል፣ ስልክ ላይ ሳየው እንዴት ያምራል መሰላችሁ። አዳራሽ ስንደርስ ግን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክተን ድምፁን በብሉቱዝ ከሞንታርቦው ጋር አገናኙት። ፎቶው ይቀየራል፣ ከዚያ ምቱ ይመጣል። ሁሉም እንደዚያ። ልጄ «እማ ተይው ማንም አያስተውልም» አለኝ፣ እኔ ግን አስተውዬዋለሁ፣ እስካሁንም አልወጣልኝም። የሠራው ልጅ ላይ ጮህኩበት፣ በኋላ ስሰማ የእሱ ጥፋት አልነበረም።

ሰርገኛው_ካሜራ | ረቡዕ ማታ 2፡31

እናቴ፣ ልክ ነዎት፣ ብሉቱዙ ነው። ድምፁን አሽጎ ልኮ እስኪፈታ ጊዜ ይወስዳል፣ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ መዘግየቱ የተለመደ ነው። የሚለየውም እንዳሉት ነው። ሁሉም በእኩል መጠን ምስሉ ቀድሞ ድምፁ ከዘገየ የግንኙነት ችግር ነው። እየቆየ የሚብስ ከሆነ ደግሞ የሒሳብ ወይም የዘፈኑ ፍጥነት ነው።

የሐይቅ ዳር ልጅ፣ ያንቺ የሚሟሟ ስለሆነ ያን ያህል አይታይብሽም። ሰው የሚናገርበት ቁራጭ ካለሽ ግን አፉና ድምፁ ይለያያል። ለማንኛውም ከቴሌቪዥኑ ወደ ሚክሰሩ በገመድ ይሁን። ብሉቱዝ መሀል ላይ የአንዱ ዘመድ ስልክ ጋር ከተገናኘ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

የሐይቅ_ዳር_ልጅ | ሐሙስ ማታ 3፡50

ምልክቱን በየስንኙ አደረግኩ፣ ሌላ ነገር ሆነ!! አባዬ አጠገቤ ቡና እየጠጣ ነበር፣ ዘፈኑን ሲሰማ «ምነው ዛሬ» አለኝ፣ የጆሮ ማዳመጫዬን ረስቼው። «ትዝ ብሎኝ ነው» አልኩት።

አሁን ሦስት ነገር ቀረኝ። አንድ፣ የእማዬና የአክስቴ ፎቶ ሲቀያየር መሀሉ ላይ አራት ዓይን ያላት ሴት ትወጣለች፣ ያስፈራል። ሁለት፣ ቀስ ብሎ እንዲጠጋ ያደረግኳቸው ፎቶዎች ይንቀጠቀጣሉ። ሦስት፣ የቆሙት ፎቶዎች ጎንና ጎናቸው ጥቁር ነው፣ ከተኙት ጋር ሲቀያየሩ ያስጠላል።

ሰርገኛው_ካሜራ | ዓርብ ጠዋት 1፡40

አራት ዓይኗን እኔም አውቃታለሁ፣ በየሠርጉ ትመጣለች። ሁለት ፊት እኩል መጠን ሆነው አንድ ቦታ ላይ ሲሆኑ ነው። መሀላቸው ራቅ ብሎ የተነሳ ፎቶ አስገቢ፣ ወይም አንዱን ትንሽ ወደ ጎን ግፊው። ሁለቱም ካልሆነ እዚያ ቦታ ብቻ መሟሟቱን ወደ ግማሽ ሰከንድ አሳጥሪው። ስታሳጥሪ ግን የሚደረበውም ግማሽ ሰከንድ ስለሚሆን ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በግማሽ ሰከንድ ይገፋል። ከፊቱ ያለውን ፎቶ ሩብ ሰከንድ፣ ከኋላው ያለውንም ሩብ ሰከንድ ቀንሺ፣ ይመለሳል። ዘመን የሚቀየርበት ቦታ ላይ ደግሞ፣ ለምሳሌ ከጥቁርና ነጭ ወደ ቀለም ስትሻገሪ፣ በጥቁር በኩል ማለፍ ያምራል። ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ፣ ከበዛ መብራት የሚጠፋ የሚመጣ ይመስላል፣ እሱን ደግሞ ቤታችን ጠግበነዋል።

የሚንቀጠቀጠው በጣም ቀስ ስላልሽ ነው። 6 ሰከንድ ላይ በመቶ ሁለት ብቻ ሲጠጋ አንዳንዱ አፕ ምስሉን ሙሉ ሙሉ ፒክሰል እያደረገ ያንቀሳቅሰዋል፣ ስለዚህ ይቆማል ይዘላል ይቆማል። በመቶ ስድስት ሰባት ያህል አድርጊው። የምንጩ ፎቶ ትንሽ ከሆነ ይብሳል፣ በቴሌግራም የመጡትን «እንደ ፋይል ላኩልኝ» ብለሽ እንደገና አስልኪ። እንደ ፎቶ ሲላክ ያሳንሰዋል። ከአልበሙ ያነሳሻቸውም ከላስቲኩ አውጥተሽ መስኮት አጠገብ ያለ ፍላሽ መብራት ቢሆኑ ነው የሚሻለው።

ተርሚናል_ብቻ | ዓርብ ጠዋት 2፡05

`zoompan` ላይም ያው መንቀጥቀጥ አለ። መጀመሪያ ፎቶውን አራት እጥፍ አሳድጌ ከዚያ ነው የማጠጋው፣ ያኔ ይለሰልሳል። ኮምፒውተሩ ግን እንደ ምጣድ ይግላል።

ዴስክቶፕ_ሰው | ዓርብ ጠዋት 2፡30

ለቆሙት ፎቶዎች ያንኑ ፎቶ አሳድገሽ አደብዝዘሽ ከጀርባ አድርጊ፣ ጥቁሩ ይጠፋል።

ሰርገኛው_ካሜራ | ዓርብ ጠዋት 2፡38

እኔ እሱን አልወደውም። ስልክ ላይ ያምራል፣ በፕሮጀክተር ግን የደበዘዘ ትልቅ ፊት ከሰውየው ጀርባ ያንዣብባል፣ የድሮ ስቱዲዮ ፎቶውን ክብር ያሳጣዋል። ለሁሉም ፎቶ፣ ለተኛውም ለቆመውም፣ አንድ ዓይነት ጠቆር ያለ ቡናማ ጀርባ አድርጊና ፎቶዎቹን ትንሽ አሳንሰሽ ላዩ ላይ አስቀምጪ። የአልበም ገጽ ይመስላል፣ ሲሟሟም ጀርባው አይንቀሳቀስም።

ዴስክቶፕ_ሰው | ዓርብ ጠዋት 2፡44

ከርቀት ለተቀመጠ ሰው ፎቶው ያንስበታላ። 70 ሰው ነው ያለችው፣ አዛውንቶች አሉበት። እኔ በደብዛዛው እጸናለሁ።

የተመራቂ_እናት | ዓርብ ጠዋት 3፡10

እኔ ጥቁሩ ምንም አይመስለኝም። ሰዉ ፊቱን ነው የሚፈልገው።

የሐይቅ_ዳር_ልጅ | ዓርብ ማታ 1፡55

ቡናማውን ሞከርኩት ወደድኩት፣ ግን ዴስክቶፕ እንዳለው እንዳያንስ እስከ ጫፍ ድረስ አሳደግኳቸው። መካከለኛ መንገድ በሉት።

አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ይሄ የቴክኒክ አይደለም። እማማ፣ የአባዬ እናት፣ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። ሠርጋቸው ላይ ስትመርቃቸው የተነሳች ፎቶ አለች። ባስገባት አባዬ ያለቅሳል። ባላስገባት ደግሞ ለምን የለችም ይላል።

የተመራቂ_እናት | ዓርብ ማታ 2፡08

አስገቢያት ልጄ። ግን ከሳቅ ፎቶ አጠገብ አታድርጊያት።

ኪቦርዱ_ላይ | ዓርብ ማታ 2፡20

ሙዚቃ ብቻ ያለበት ቦታ አድርጊያት፣ ሳክስፎኑ መጨረሻ ላይ፣ ዘፋኙ ከመመለሱ በፊት። ግጥሙ ስለ ትዝታ ሲያወራ እሷን ማሳየት ይበዛል።

ሰርገኛው_ካሜራ | ዓርብ ማታ 2፡26

እኔ ደግሞ ከሠርጉ ፎቶዎች ጋር በቦታዋ ትሁን እላለሁ። ስትመርቅ ነው የተነሳችው አይደል? በዚያ ቀን በሕይወት ነበረች። ለብቻ ካወጣሻት የመታሰቢያ ፎቶ ይሆናል፣ እሁድ ደግሞ የመታሰቢያ ቀን አይደለም። ማጠጋት የለም፣ ጽሑፍ የለም፣ 12 ሰከንድ ሙሉ ስንኝ ስጫት። ከሌላ ቦታ አንድ ፎቶ ትቀንሻለሽ።

ስታወጪው 1080፣ ኤምፒፎር፣ H.264 በሚለው ይሁን፣ HEVC የሚለውን አጥፊው፣ የአዳራሽ ቴሌቪዥን አንዳንዱ አያነበውም። ሜጋቢቱን 10 አካባቢ ካደረግሽው ከ350 ሜጋባይት ያነሰ ነው፣ ማንኛውም ፍላሽ ይይዘዋል። ሁለት ፍላሽ ላይ አድርጊው። ቅዳሜ አዳራሹ ሄደሽ ጀነሬተሩ ላይ ሆኖም ሞክሪው።

የሐይቅ_ዳር_ልጅ | ቅዳሜ ማታ 2፡50

ከአዳራሹ አሁን መመለሴ ነው። የመጀመሪያው ፍላሽ አልተነበበም፣ ሁለተኛው ተነበበ። ገመዱ ከሚክሰሩ አልደረሰም፣ ወንድሜን ሌላ ገመድ እንዲገዛ ፒያሳ ልኬዋለሁ፣ ኬክ ብቻ አዝዞ ሊቀመጥ ነበር እኮ።

እማማን ሠርጉ ላይ አድርጌያታለሁ፣ ሦስተኛው ስንኝ ላይ። አሁን 39 ፎቶ ነው። የወጣው የወንድሜ ፎቶ ነው፣ ገና አልነገርኩትም።